ቼኩ የተመለሰበት ትርፋማ ሱቅ

ሊኩዊዲቲ ማለት አንድ ድርጅት የአጭር ጊዜ ዕዳውን በቀነ ቀጠሮው የመክፈል አቅሙ ነው። አትራፊነት ደግሞ ከሽያጩ ላይ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፈው ገንዘብ ከሽያጩ ወይም ባለቤቱ ካዋለው ገንዘብ አንጻር ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። ሁለቱም የሚሰሉት ከአንድ ድርጅት የሂሳብ መግለጫ ነው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። አንዱ ንግዱ ያዋጣል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው እስከሚቀጥለው ወር ይደርሳል ወይ ይላል። በአዲስ አበባው መርካቶ የሁለቱ መልስ ሳይገጥም ሲቀር ቀድሞ የሚያሳብቀው ቼክ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ተነሥቶ አዲስ ከተማ ላይ በተተከለው በዚህ ገበያ የጅምላ ንግዱ የቆመው በዱቤ ላይ ነው። አስመጪው ወይም ፋብሪካው ለጅምላ ሻጩ ዕቃ ይሰጥና የሁለት ወይም የሦስት ወር ቀን የተጻፈበት ቼክ ይቀበላል። ጅምላ ሻጩም በተራው ከክፍለ ሀገር ለሚመጣው ቸርቻሪ ዕቃውን ያስጭናል፤ ዕዳውን በደብተር ይመዘግባል፤ ሲሸጥ ይከፈለኛል ብሎ ይጠብቃል። በሂሳብ አያያዝ ደንብ ሽያጩ የሚመዘገበው ገንዘቡ በገባበት ቀን ሳይሆን ዕቃው ለገዢው በተላለፈበት ቀን ነው። ትርፉም የሚታሰበው በዚያው ቀን ነው። ብሩ ግን ገና ደሴ ወይም ጅማ መደርደሪያ ላይ ይሆናል።

ነገሩን በቁጥር ለማየት ሸማ ተራ አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጥ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። ለምሳሌ በተወሰዱት አኃዞች መሠረት ሰኔ 30 ሂሳቡን ሲዘጋ የዓመቱ ሽያጭ 60 ሚሊዮን ብር ነው። የተሸጠው ዕቃ የተገዛበት ዋጋ 51 ሚሊዮን ስለሆነ ጥቅል ትርፉ 9 ሚሊዮን ይሆናል። ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ማጓጓዣና የባንክ ወለድ 4 ሚሊዮን ወስደዋል። ከቀረው 5 ሚሊዮን ላይ 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ሲነሣ የተጣራው ትርፍ 3.5 ሚሊዮን ብር ነው። ይህ ከሽያጩ 5.8 በመቶ ገደማ ነው፤ ለጅምላ ንግድ አያሳፍርም። የባለቤቶቹ ካፒታል 10 ሚሊዮን ስለሆነ በካፒታል ላይ የተገኘው ትርፍ 35 በመቶ ይደርሳል። ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ ከወሰነው ዝቅተኛ የ7 በመቶ ወለድ ጋር ሲተያይ አምስት እጥፍ ነው። በዚህ መስፈርት ብቻ የሚመዝን ሰው ሱቁን ጤነኛ፣ እንዲያውም ብርቱ ይለዋል።

የሀብትና ዕዳ መግለጫው ግን ሌላ ወሬ ይዟል። በካዝናና በባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብ 600 ሺህ ብር ብቻ ነው። በዱቤ የተበተነው ተሰብሳቢ ሂሳብ 12 ሚሊዮን፣ መጋዘን ያለው ጨርቅ ደግሞ 15 ሚሊዮን ብር ነው። በዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ ይለወጣሉ ተብለው የሚታሰቡት እነዚህ የአጭር ጊዜ ሀብቶች በድምሩ 27.6 ሚሊዮን ይሆናሉ። በወዲያኛው ዓምድ ለአቅራቢዎች የተጻፉ ቼኮች 14 ሚሊዮን፣ የባንክ ኦቨርድራፍት 4.5 ሚሊዮን፣ ያልተከፈለ ግብር 1.5 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው 20 ሚሊዮን ብር የአጭር ጊዜ ዕዳ ተቀምጧል።

የመጀመሪያው የሊኩዊዲቲ ምጣኔ፣ ባለሙያዎች ከረንት ሬሾ የሚሉት፣ 27.6ን ለ20 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 1.38 ነው። ለእያንዳንዱ 1 ብር ዕዳ 1 ብር ከ38 ሳንቲም አለ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ያጽናናል፤ ማጽናናቱም አደጋው ነው። ምክንያቱም በውስጡ ያለው ትልቁ ክፍል ጨርቅ ነው፤ የቼክ ቀን ሲደርስ ደግሞ ባንኩ ጣቃ አይቀበልም። ስለዚህ ሁለተኛው ምጣኔ፣ ኩዊክ ሬሾ፣ መጋዘን ያለውን ዕቃ አውጥቶ የቀረውን 12.6 ሚሊዮን ብቻ ለዕዳው ያካፍላል። አሁን ለ1 ብር ዕዳ ያለው 63 ሳንቲም ነው። ተሰብሳቢውም ወጥቶ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ሲቆጠር 3 ሳንቲም ይቀራል። ከ1.38 እስከ 0.03 ያለው መንገድ የድርጅቱን ሁኔታ ከየትኛውም ነጠላ ቁጥር በተሻለ ይናገራል፤ ሀብቱ የተቀመጠው ከጥሬ ገንዘብ በጣም በራቀው ጫፍ ላይ ነውና።

እንዲህ ሊሆን የቻለበትን ምክንያት ቀኖቹ ያስረዳሉ። የመጋዘኑ 15 ሚሊዮን ለዓመቱ የግዢ ዋጋ ለ51 ሚሊዮን ተካፍሎ በ365 ሲባዛ አንድ ጣቃ ከመሸጡ በፊት በአማካይ 107 ቀን እንደሚቀመጥ ያሳያል። ተሰብሳቢው 12 ሚሊዮን ለሽያጩ ለ60 ሚሊዮን ተካፍሎ በዚያው መንገድ ሲሰላ ገዢዎቹ የሚከፍሉት በ73 ቀን ነው። ጨርቁ ከገባ በኋላ ገንዘብ ሆኖ እስኪመለስ 180 ቀን ያልፋል። አቅራቢዎቹ የሚታገሡት ግን 100 ቀን ብቻ ነው። በመካከል ያለውን የ80 ቀን ክፍተት ማን ይሸፍነዋል? ኦቨርድራፍቱ፣ አንዳንዴም የባለቤቶቹ እቁብ።

ክፍተቱ ሰፊ ብቻ ሳይሆን ሽያጭ ባደገ ቁጥር የሚያድግ ነው። በዚሁ የአሠራር ልማድ ሽያጩ በግማሽ ቢጨምር መጋዘኑም፣ የዱቤ ደብተሩም፣ ቼኩም በግማሽ ይጨምራሉ፤ ትርፉ በመዝገብ ከፍ ሲል የጥሬ ገንዘቡ ጥም ይብሳል። ገበያ ደርቶለት የወደቀ ነጋዴ ሲነሣ ሰዉ ምቀኛ ወይም ዕድል ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰበቡ ይኸው የቀን ልዩነት ነው።

ቼኩ ራሱ ደግሞ ከሚመስለው በላይ ስስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ቼክን እንደቀረበ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ አድርጎታል፤ የወደፊት ቀን ቢጻፍበትም ከቀኑ በፊት ለባንክ ከቀረበ ይከፈላል። ያለ በቂ ስንቅ ቼክ ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ስለዚህ መግለጫው በ100 ቀን ይከፈላል የሚለው 14 ሚሊዮን ጸንቶ የሚቆየው በአቅራቢዎቹ መልካም ፈቃድ ነው። አንዱ አቅራቢ ተቸግሮ ወይም ወሬ ሰምቶ ቼኩን ቀድሞ ቢያስገባ 600 ሺህ ብር አይሸፍነውም። አንድ ቼክ ተመለሰ ሲባል ደግሞ የቀሩት አቅራቢዎች የየራሳቸውን ይዘው ባንክ ይሄዳሉ። 3.5 ሚሊዮን ያተረፈው ድርጅት የሚወድቀው በዚህ መንገድ ነው።

ኦቨርድራፍቱም የድርጅቱ የራሱ ነገር አይደለም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ፣ በባንክ ገንዘብ ክፍተታቸውን ይሸፍኑ የነበሩ ነጋዴዎች መተላለፊያው ጠበበባቸው። እንዲህ ያለው ለውጥ ከትርፍ ምጣኔው ላይ ወዲያው አይታይም።

ተቃራኒው በሽታም አለ፤ ድምፁ ስለማይሰማ ብቻ ብዙ አይወራለትም። ዘይትና ዱቄት እጅ በእጅ የሚሸጥ ሌላ ምሳሌያዊ ሱቅ በዓመት 90 ሚሊዮን ብር ሸጦ 360 ሺህ ብር አትርፏል እንበል። ጥሬ ገንዘቡ 4 ሚሊዮን፣ ተሰብሳቢው 1 ሚሊዮን፣ ዕቃው 5 ሚሊዮን፣ የአጭር ጊዜ ዕዳው 4 ሚሊዮን ነው። ከረንት ሬሾው 2.5፣ ኩዊክ ሬሾው 1.25 ስለሆነ ቼኩ አይመለስም። ነገር ግን በ9 ሚሊዮን ካፒታል ላይ ያገኘው 4 በመቶ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ በባንክ ቁጠባ ቢቀመጥ ያለ ድካም የተሻለ ያስገኝ ነበር። የመጀመሪያው ሱቅ በአንድ ሳምንት ሊዘጋ ይችላል፤ ሁለተኛው ዓመታት ፈጅቶ ይሟሟል። የመጀመሪያው በጊዜ ከተደረሰለት ይድናል። የሁለተኛው ችግር ግን ከቀን አቆጣጠር ጋር ሳይሆን ከንግዱ ዓይነት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይከብዳል።

ሁለቱም ዓይነት ምጣኔዎች የሚዋሹበት ጊዜ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በድሮው ተመን በ1,000 ብር የገባን ዕቃ በ1,300 ብር የሸጠ ነጋዴ በመዝገቡ 300 ብር አትርፏል፤ ዕቃውን ለመተካት ግን 1,700 ብር ቢጠየቅ ትርፉንም ዋናውንም ጨምሮ 400 ብር ይጎድለዋል። የሂሳብ ደረጃው የተሸጠን ዕቃ በተገዛበት ዋጋ ስለሚያሰላ በዚያ ወቅት የትርፍ ምጣኔው ሲያምር የመደርደሪያው ዕቃ እየሳሳ ይሄዳል። የንግድ ትርፍ ግብሩም እስከ ጥቅምት 30 የሚከፈለው በዚሁ በመዝገብ በታየው ትርፍ ላይ ነው።

ሊኩዊዲቲውም በአንድ ቀን የተነሣ ፎቶግራፍ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የጨርቁ ሱቅ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከባለዕዳዎቹ 6 ሚሊዮን ቢሰበስብና ያንኑ ለቼኮቹ ቢከፍል፣ ሀብቱ ወደ 21.6፣ ዕዳው ወደ 14 ሚሊዮን ወርዶ ከረንት ሬሾው ከ1.38 ወደ 1.54 ይወጣል። በሐምሌ ዱቤው እንደገና ይጀምራል። ቀድሞ የወጣ እቁብም እስከ መጨረሻው ዙር የሚከፈል ዕዳ ነው፤ በባለቤቱ ስም ስለሚጣል ግን በድርጅቱ መግለጫ ላይ ላይታይ ይችላል። ልምድ ያለው የብድር ባለሙያ ስለዚህ የሰኔ 30ውን መግለጫ ብቻ ይዞ አይወስንም፤ የአሥራ ሁለት ወር የባንክ እንቅስቃሴና የተሰብሳቢዎቹን ዕድሜ የሚያሳይ ዝርዝር ይጠይቃል። ከ12 ሚሊዮኑ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ የቆየው ብዙ ከሆነ ኩዊክ ሬሾው 0.63 ነው ማለት በራሱ ለጋስነት ነው። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውም ከትርፉ ጎን ይነበባል፤ ትርፉ በየዓመቱ እያደገ ከሥራው የሚገባው ገንዘብ ከዜሮ በታች ከሆነ ትርፉ ያለው በሌሎች ሰዎች እጅ ነው።

የጨርቁ ሱቅ የዱቤ መሰብሰቢያ ጊዜውን ከ73 ቀን ወደ 45 ቀን ቢያወርድ በገዢዎች እጅ ከሚዞረው ገንዘብ 4.6 ሚሊዮን ብር ያህል ወደ ካዝናው ይመለሳል። ከኦቨርድራፍቱ በ100 ሺህ ብር ይበልጣል።