ጠረጴዛው ይለወጥ፤ ከረጢቱ እንዳለ ይቆይ

ጎረቤቴ ቡና ቆልታ፣ በግማሽ ኪሎ ከረጢት አሽጋ ትሸጣለች። አብዛኞቹ ደንበኞቿ ፎቶ አይተው በስልክ የሚያዙ ናቸው። በቅርቡ አንዱን ከረጢት ሱቋ ባንኮኒ ላይ አቁማ ያነሳችውን ፎቶ ላከችልኝና፣ «ወንድሜ፣ የጠዋት ፀሐይ ያረፈበት የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አድርግልኝ፤ ዙሪያውን ቄጠማ ይጎዝጎዝበት» አለችኝ። ፎቶው ጥርት ያለ ነው። ከረጢቱ ቡናማ ወረቀት፣ መለያው ነጭ ነው። መለያው ላይ የቡናው ስም በትልቁ፣ ከሥሩ ደግሞ ክብደቱና የተቆላበት ቀን በደቃቅ ፊደል ተጽፈዋል። ከጀርባ ግን መደርደሪያው፣ የዘይት ጀሪካኑና የሳሙና ካርቶኑ ይታያሉ።

ለሥራው የተጠቀምኩት ስቴብል ዲፊውዥን ኤክስኤል የተባለውን ሞዴል ነው። ፎቶና የጽሑፍ ትዕዛዝ ይሰጠዋል፤ ከሁለቱ አዲስ ፎቶ ያወጣል። ከብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎቹ መካከል የፎቶውን ዕጣ የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 1 ይሄዳል፤ በአንዱ ፕሮግራም `Denoising strength`፣ በሌላው `denoise`፣ በሌላው ደግሞ `strength` ተብሎ ይነበባል። እኔ የለውጥ መጠን እለዋለሁ። ወደ 0 ሲጠጋ የመጀመሪያው ፎቶ ይቆያል፤ ወደ 1 ሲጠጋ ፎቶው ይረሳና ትዕዛዙ ብቻ ይቀራል። አቅጣጫው የተገለበጠባቸው ፕሮግራሞችም አሉ፤ እነሱ ዘንድ ትልቅ ቁጥር ማለት «ከፎቶዬ ብዙ አቆይ» ማለት ነው። ስለዚህ በአዲስ ፕሮግራም ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንዴ 0.1 አንዴ 0.9 ሰጥቼ የትኛው ፎቶውን እንዳቆየ አያለሁ።

ቁጥሩ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት የፕሮግራሙን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ፎቶውን ለመለወጥ በቅድሚያ ያበላሸዋል። ጣቢያ ያልያዘ የድሮ ቴሌቪዥን ላይ እንደሚታየው ዓይነት የተዘበራረቀ ነጠብጣብ ይነዛበታል። ከዚያም ነጠብጣቡን በየደረጃው እያጸዳ፣ በጠፋው ፋንታ ከትዕዛዙ ጋር የሚስማማ ነገር ይሞላል። የለውጥ መጠን ማለት ነጠብጣቡ ምን ያህል ይነዛ ማለት ነው። የጽዳቱንም ርዝመት የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው፦ በ30 እርምጃ እንዲሠራ አዝዤው የለውጥ መጠኑን 0.5 ካደረግሁ፣ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከ30ው የሚሠራው የመጨረሻዎቹን 15 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ እኔም የተሳሳትኩት። «ትንሽ ቁጥር ብሰጠው ትንሽ ይለውጣል፤ መለያውን አይነካም» ብዬ አሰብኩ። ጉም እንጦጦ ላይ ሲወርድ አስተውላችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው የዛፉ ቅጠል ነው፤ ቀጥሎ ዛፉ፣ ቀጥሎ ቤቱ ይሰወራል፤ የተራራው ጀርባ ግን እስከ መጨረሻው ይታያል። ነጠብጣቡም እንዲሁ ነው። ትንሽ ሲነዛ የሚሸፍነው ደቃቁን ነገር ነው፤ የከረጢቱ ቅርጽ፣ የባንኮኒው መስመርና የብርሃኑ አቅጣጫ ከሥሩ ይታያሉ። ስለዚህ ትንሽ ቁጥር ስሰጥ ፕሮግራሙ እንደገና የሚሠራው ደቃቁን፣ ማለትም በመጀመሪያ ፊደሉን ነው። ልለውጠው የፈለግሁት የሱቅ ጀርባ ደግሞ ትልቅ ቅርጽ በመሆኑ የሚለቀው በመጨረሻ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ሞዴሉ የሚሠራው በፎቶው ፒክሰሎች ላይ በቀጥታ ሳይሆን ፎቶውን ጨምቆ ባሳነሰው ቅጂ ላይ ነው። በጎንና በቁመት 1024 ፒክሰል የሆነው ፎቶ ወደ 128 በ128 ክፍል ይጨመቃል፤ እያንዳንዱ ክፍል በ8 ፒክሰል ስፋትና በ8 ፒክሰል ቁመት ያለውን ቦታ ይወክላል። ወደ 1024 ከቀነስኩት በኋላ ከመለያው ሥር ያሉት ፊደላት ቁመታቸው 14 ፒክሰል ያህል ሆነ። አንድ ፊደል ሁለት ክፍል እንኳ አይሞላም ማለት ነው። በ«ሰ» እና በ«ሱ» መካከል ያለችው ቅጥያ በዚህ መጭመቂያ ውስጥ አልፋ በደህና የምትወጣበት ዕድል ጠባብ ነው፤ ነጠብጣብ ጨርሶ ባይነዛም እንኳ።

ሙከራውን ልንገራችሁ። ትዕዛዙ እንግሊዝኛ ነው፤ ሞዴሉ የተማረው በአብዛኛው በዚያ ቋንቋ ስለሆነ፦

```
paper coffee bag on a wooden table, fresh green grass,
morning window light from the left
```

በየሙከራው ከለውጥ መጠኑ በቀር ምንም አልነካሁም። የዕጣ ቁጥሩንም፣ `Seed` የሚባለውን፣ በአንድ ላይ አሰርኩት። እሱ ከተለቀቀ እያንዳንዱ ሙከራ ሌላ ነጠብጣብ ይዞ ስለሚነሳ፣ ለውጡ ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

በ0.2 ባንኮኒውም ጀሪካኑም ባሉበት ነበሩ፤ የመለያው ደቃቅ ጽሑፍ ግን ውሃ እንደነካው ቀለም ተዝረክርኳል። በ0.35 ብርሃኑ ሞቅ አለ፤ የባንኮኒው ፊት የእንጨት መስመር ያዘ። በትልቁ የተጻፈው «ቡና» ግን አንዱ ፊደሉ እግር ጨምሮ ነበር። በ0.5 ባንኮኒው ጠረጴዛ ሆነ፣ የሳሙናው ካርቶን ደብዝዞ ግድግዳ መሰለ፤ መለያው ላይ ከሩቅ ሲያዩት የእኛ የሚመስል፣ ቀርበው ሲያዩት ማንም የማያነበው ፊደል ተደረደረ። በ0.7 የወጣው በእውነት ያማረ ፎቶ ነበር። ጠረጴዛው፣ ሣሩና ከግራ የሚገባው ብርሃን የታዘዙትን ይመስላሉ። ለጎረቤቴ ላክሁላት። «ያምራል» አለችኝ፤ «ግን ይሄ የኔ ከረጢት አይደለም። የኔ አፉ ሁለት ጊዜ ነው የሚታጠፈው።» እኔ ፊደሉን ስቆጥር ያላየሁትን እሷ ወዲያው አየችው።

አራቱን ሙከራዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የምፈልገው ቁጥር እንደሌለ ገባኝ። ጀርባው ከመለወጡ በፊት መለያው ይሞታል። 0.42 ወይም 0.47 ብዬ ብፈልግም ያው ነው፤ ቁጥሩ ለፎቶው ሁሉ እኩል ስለሚሠራ፣ ቶሎ የሚጠፋው ነገር ተርፎ ዘግይቶ የሚጠፋው ሊጠፋ አይችልም። ምንም ጽሑፍ በሌለበት የሸክላ ጀበና ላይ አንድ ቁጥር ሊበቃ ይችላል፤ እዚያም ቢሆን አንገቱና ጆሮው ወደ ሻይ ማንቆርቆሪያ እንዳይሳቡ ማየት ያስፈልጋል። የጥበብ ቀሚስ ከሆነ ግን ጥለቱን እንደ ፊደል ቁጠሩት።

መፍትሔው ፎቶውን ለሁለት መክፈል ነው። በማስክ ከረጢቱን ከለልኩትና ፕሮግራሙ ከእሱ ውጭ ያለውን ብቻ እንዲሠራ አደረግሁ። አሁን የለውጥ መጠኑ መለያውን ስለማያገኘው ቁጥሩን ለጀርባው ብቻ ብዬ መምረጥ ቻልኩ። በ0.5 ጠረጴዛው መጣ፤ የባንኮኒው ጠርዝ ግን እንደ ጠባሳ አግድም ቀረ። በ0.75 ጠርዙ ጠፋ፣ ሣሩም በቦታው ተጎዘጎዘ። በ0.9 ጀርባው ይበልጥ አማረ፤ ከረጢቱ ግን ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ መሰለ። የመጀመሪያው ፎቶ የነበረው ጥላ ሙሉ በሙሉ ስለጠፋ፣ አዲሱ ጥላ የት ማረፍ እንዳለበት የሚጠቁም ነገር አልቀረም። ስለዚህ 0.75ን ያዝሁ።

ማስኩን ስትሠሩ የድሮውን ጥላ ከከረጢቱ ጋር አትከልሉት፤ ከአዲሱ ብርሃን ጋር እንዲለወጥ ከሚለወጠው ወገን ይሁን። የብርሃኑንም አቅጣጫ ከፎቶው ውሰዱ። የጎረቤቴ ሱቅ በር በግራ በኩል ስለሆነ የከረጢቱ ግራ ጎን ደምቋል፤ ትዕዛዙ ላይ ብርሃኑ ከግራ ይግባ ያልኩት ለዚህ ነው። ከቀኝ ብዬ ቢሆን ኖሮ ምንም ቁጥር አያስታርቃቸውም ነበር።

ጀርባው ንጹህ ነጭ ለሆነ ፎቶ ሌላ ዘዴ አለ። ነጭ ጀርባ ላይ መካከለኛ ቁጥር ብዙ ጊዜ የገረጣ ነገር ይሰጣል፤ ከነጠብጣቡ ሥር የሚታየው ትልቅ ነገር ያው ነጭነቱ ስለሆነ። ቁጥሩን ከመጨመር ይልቅ በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም ከታች ቡናማ አግድም፣ ከላይ በግራ ቢጫ ጨረር ቀቡበት፤ ሕፃን የቀባው ቢመስልም ግድ የለም። ያኔ 0.5 አካባቢ ቡናማውን ጠረጴዛ፣ ቢጫውን ፀሐይ ያደርገዋል። የዚህ ሁሉ አሠራር ምንጭም እንዲህ ያለው ቅብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የስታንፎርድና የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤስዲኤዲት በተባለው ጥናታቸው በብሩሽ የተሞነጫጨረ ቅብ ላይ ነጠብጣብ ነዝተው መልሰው ሲያጸዱት ፎቶ የሚመስል ሥዕል እንደሚወጣ አሳይተዋል። ነጠብጣቡ ሲበዛ እውነት መምሰሉ እንደሚጨምርና ለመጀመሪያው ሥዕል መታመኑ እንደሚቀንስም ያኔውኑ ጽፈዋል።

የመጨረሻው ሥራዬ የከረጢቱን ጠርዝ ከአዲሱ ጀርባ ጋር ማስማማት ነበር። በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ስለነበር ፎቶውን በሙሉ በ0.15 አንዴ አሳለፍኩት፤ ጠርዙ ለሰለሰ። በ30 እርምጃ ይህ አራት እርምጃ ብቻ ስለሚሆንና አራት ስለማይበቃ እርምጃውን ወደ 60 ከፍ አደረግሁ። ይህ ማለፊያ ደቃቁን ፊደል እንደገና እንደሚነካው ስለማውቅ፣ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ፎቶ የመለያውን ቦታ ቆርጬ ከላይ መልሼ ለጠፍኩት። ከዚያ ሁለቱን ፎቶዎች አንዱን በሌላው ላይ አድርጌ የላዩን እያጠፋሁ እያበራሁ ተመለከትኩ። በከረጢቱ ክልል ውስጥ አንዲትም ነገር ብትንቀሳቀስ ዓይን ወዲያው ይይዛታል።

ጎረቤቴ ስልኳን ወደ ፊቷ አስጠግታ መለያውን ከላይ እስከ ታች፣ የተቆላበትን ቀን ጭምር፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። ከዚያም አፉን አሳድጋ አየችና ሁለቱን እጥፋት ቆጠረች። በሳምንቱ የሩብ ኪሎውን ፎቶ ላከችልኝ፤ ከረጢቱ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ የሱቋ በርና የራሷ ጥላ ይታያሉ። እሱን በ0.75 ሞከርኩት፤ ጀርባው ጠረጴዛና ሣር ሆነ፣ ከረጢቱ ላይ ግን ሱቁ እንዳለ ቀረ። በጨርቅ ጋርዳ እንደገና እንድታነሳው ነግሬያታለሁ።