ሳህኑ ይሙላ፣ ዘይቱ ይለካ

ክብደት ልቀንስ ብሎ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምግቡን በግማሽ ይቀንሳል። ጥቂት ቀን በረሃብ ይታገላል፤ ከዚያ አንድ ማታ መሶቡን ገልጦ ያገኘውን ሁሉ ያነሣል። አያስገርምም፤ ጨጓራ ካሎሪ አይቆጥርም። ግድግዳው ሲለጠጥ ነው «በቃኝ» የሚል መልእክት ወደ አንጎል የሚደርሰው። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ያህል ልብላ?» ሳይሆን «ሳህኑን በምን ልሙላው?» ነው።

በዚህ በኩል የጾም ወጣችን የታደለ ነው፤ ዘይቱ ባያበላሸው። ለሁለት ሰው የሚሆን የጥቅል ጎመን አልጫ እንውሰድ። 800 ግራም ጎመን፣ ሁለት ካሮት፣ ሁለት ድንችና አንድ ትልቅ ሽንኩርት ተደምረው 550 ካሎሪ ገደማ ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ ብቻውን 120 አለው። ከጄሪካኑ በግምት ሲንቆረቆር ስድስት ማንኪያ መግባቱ ብርቅ አይደለም፤ ያ 720 ካሎሪ ነው። አትክልቱ ሁሉ ተደምሮ ዘይቱን አላከለም ማለት ነው።

መላው ከዶሮ ወጥ ባለሙያዎች ይገኛል፤ ቁሌቱን በደረቁ መጀመር። ሽንኩርቱ መያዝ ሲጀምር ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል፣ ሲበስል ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ መጨመር፣ ከዚያ ሁለት ማንኪያ ዘይት በልክ። ጎመኑ ራሱ ውሃ ስለሚያወጣ ድስቱን ከድኖ እሳቱን መቀነስ ይበቃል። ዘይቱ በዝቶ እንደሆነ ሳህኑ ይናገራል፦ ወጡ ካለቀ በኋላ ሥሩ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ከቀረ በዝቷል።

ድንች ያወፍራል እየተባለ ይታማል፤ ሐሜቱ ግን የጥብሱ ነው። በ1995 በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ 38 ምግቦች በማጥገብ ኃይላቸው ሲወዳደሩ አንደኛ የወጣው ቅቅል ድንች ነበር። ሾርባም ጥሩ ነው፤ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት ከምግቡ ጋር የተቀቀለ ውሃ፣ በጎን በብርጭቆ ከሚጠጣው ይበልጥ ያጠግባል።

ቅጠል ብቻውን ግን እስከ እራት አያደርስም። ከጎኑ ምስር ወይም ሽሮ፣ በፍስክ እንቁላል ወይም አይብ ካልኖረ ሆዱ ሞልቶ የተነሣ ሰው ቶሎ ይርበዋል። እንጀራውም ይቀነስ፤ ወጡ ብዙ ሆኖ እንጀራው ግማሽ ቢሆን ማንም አይጎዳም። ጎመንና ጥራጥሬ ያልለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ካበዛ ሆዱን ይነፋዋል፤ ቀስ እያለ ይጨምር።

ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን እንጀራውን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ ምግቡ ብቻ ሲቀንስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል።