ከሥር የሚመጣ ባሕር፦ የናይል ዴልታ ተረትና እውነታ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከካይሮ በስተሰሜን እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የሚያበቃው የናይል ዴልታ፣ ወንዙ በሺዎች ዓመታት ባመጣው ደለል የተሠራ ሜዳ ሲሆን፣ የደለሉ አብዛኛው ክፍል በአባይና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደ ነው። የሜዳው ሰሜናዊ ጠርዝ ከባሕር ጠለል፣ ማለትም ከባሕሩ አማካይ የውሃ ከፍታ፣ እምብዛም ስለማይርቅ የባሕር ከፍ ማለት ለዚህ አገር የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ስለ አደጋው የሚነገሩት ሦስት እምነቶች ግን ከእውነታው ጋር አይገጥሙም።

ተረት፦ በመቶ ዓመት ሃያ ሴንቲሜትር ገደማ የሚጨምር ባሕር አያሰጋም።

እውነታ፦ የዓለም ባሕር ከ1901 እስከ 2018 በአማካይ 20 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ውሃው ሲሞቅ መጠኑ ስለሚጨምርና በየብስ ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ስለሚገባበት ፍጥነቱ አድጎ፣ ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በዓመት 3.7 ሚሊሜትር ደርሷል። ከዚህም በላይ የባሕሩ ከፍታ ብቻውን አይታይም፤ ዳርቻውን የሚጎዳው ባሕሩ ሲወጣ መሬቱ ሲወርድ የሚፈጠረው ድምር ነው። ለስላሳው የዴልታ ደለል በራሱ ክብደት እየታመቀ ይሰጥማል፤ ቀድሞ ይህን የሚያካክሰው በየዓመቱ ከጎርፍ ጋር የሚደርሰው አዲስ ደለል ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ግን ደለሉ ከሞላ ጎደል በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ስለሚቀር፣ ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባባቸው በረሺድና በዱምያት ያሉት የየብስ ጫፎች በማዕበል ተበልተው ወደ ኋላ ሸሽተዋል። የብርድ ወራት ማዕበልም መነሻው ከፍ ባለ ቁጥር፣ ቀድሞ የአሸዋ ክምሩ ላይ ይሰበር የነበረው ውሃ ክምሩን ተሻግሮ ማሳ ውስጥ ይገባል።

ተረት፦ ባሕሩ ዳርቻውን እስካላለፈ ድረስ ጉድጓድም ማሳም ደህና ናቸው።

እውነታ፦ ባሕር ከላይ ከመምጣቱ በፊት ከሥር ይመጣል። ጨዋማ ውሃ ከጣፋጭ ውሃ ጥቂት ስለሚከብድ በአፈርና በአሸዋ ውስጥ ሾልኮ ከጣፋጩ የከርሰ ምድር ውሃ በታች ይተኛል፤ ጣፋጩም በላዩ ይንሳፈፋል። የሆላንዱ ባዶን ጋይበንና የጀርመኑ ኸርዝበርግ ለየብቻቸው እንዳሰሉት፣ ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ሜትር ከፍ ካለ ከጠለሉ በታች እስከ 40 ሜትር ድረስ ጨዋማውን ገፍቶ ይይዛል። ስሌቱ የሚሠራው ውሃው በጸጥታ በሚገኝበት አሸዋማ መሬት እንጂ በሁሉም ቦታ ባይሆንም፣ ሚዛኑ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ያሳያል፤ በእንዲህ ያለ መሬት ባሕሩ ሃያ ሴንቲሜትር ሲወጣ ወይም ፓምፕ ጣፋጩን ውሃ ያንኑ ያህል ሲያወርደው፣ የጨዋማው ድንበር በጊዜ ሂደት ስምንት ሜትር ገደማ ሊያርግ ይችላል።

ስለዚህ ጉድጓዱ ጨው ጨው ሲል ጠልቆ መቆፈር መፍትሔ ሳይሆን ወደ ጨዋማው ውሃ መቅረብ ነው። ለመበላሸትም ብዙ አያስፈልግም፤ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚይዝ፣ ከመቶ ስኒ የጉድጓድ ውሃ ሦስቱ ብቻ የባሕር ቢሆኑ በሊትር አንድ ግራም ጨው ይጨመራል፤ ይህም ውሃውን ጣዕም የሚያሳጣ መጠን ነው። በዴልታው ሥር ያለው ጨዋማ ውሃ ሁሉ ግን የዛሬው የባሕር ከፍታ ውጤት አይደለም፤ ከፊሉ ከሺዎች ዓመታት በፊት የገባ ነው።

ማሳው የሚጎዳውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ለመሬት ገጽ ሲቀርብ፣ የመብራት ክር ጋዝን ስቦ እንደሚያወጣው አፈሩ ጨዋማውን ውሃ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ጨው ብቻ ይቀራል። ገበሬው ይህን የሚያውቀው በትልሙ ጀርባ ላይ በሚታየው ነጭ ቅርፊትና ዳሩ እየተቃጠለ በሚደርቀው ቅጠል ነው።

ተረት፦ ግንብ ከተሠራ ችግሩ ያበቃል።

እውነታ፦ ግንብ ማዕበልን ይመልሳል፤ ከሥሩ የሚሾልከውን ውሃ ግን አያግድም። ጨውን ወደ ታች የሚገፋው ከላይ የሚፈስ ጣፋጭ ውሃና የታጠበውን ጨው ይዞ የሚወጣ የማፋሰሻ ቦይ ነው። በሰሜናዊው ዴልታ ሩዝ የሚዘራውም ለእህሉ ብቻ ሳይሆን፣ በማሳው ላይ የሚተኛው ውሃ አፈሩን ስለሚያጥብ ነው። ነገር ግን ሩዝ ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ የግብፅ መንግሥት የሚዘራበትን መሬት ይገድባል፤ በዚህም የተነሳ ለመስኖ የሚቆጠበው የናይል ውሃና ጨውን ወደ ታች የሚገፋው ውሃ አንድና ያው ሆነው በአንድ ቦይ ላይ ይሻማሉ።