አሥሩ ዕቃዎች ብቻቸውን መቶ በመቶ ሲሆኑ

አርባ ዓይነት ሸቀጥ የሚያከፋፍል ጅምላ መደብር አለ እንበል። የዓመቱ ሽያጩ 1,000,000 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ዘይት 170,000፣ ስኳር 102,000 ብር አስገብተዋል። ባለቤቱ ከሒሳብ ሠራተኛዋ የሚፈልገው ዋና ዋናዎቹን አሥር ዕቃዎችና የእያንዳንዳቸውን ድርሻ ብቻ ነው። እሷም ኤክሴል ላይ ፒቮት ቴብል ትሠራለች፤ ዋጋውን በ Show Values As በኩል ወደ % of Grand Total ትቀይራለች፤ ከዚያ Top 10 የሚለውን ማጣሪያ ትመርጣለች። ሠንጠረዡ አጠር ብሎ ያምራል። ዘይት ግን 17 በመቶ መሆኑ ቀርቶ 25 በመቶ ሆኗል፤ ስኳርም ከ10.2 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል።

ማጣሪያው ሠላሳውን ዕቃ ከዓይን የሚሰውር ብቻ ይመስላል። በተራ ፒቮት ውስጥ ግን ከድምሩም ያወጣቸዋል። Grand Total የሚለው መስመር የቀሩትን አሥር ብቻ ስለሚደምር 680,000 ይሆናል፤ ዘይትም የሚካፈለው ለዚህ ነው። ይህን ስሕተት ለማወቅ ብዙ መመርመር አያስፈልግም፦ አሥሩ ድርሻዎች ተደምረው ልክ 100 ከመጡ ሌሎቹ ዕቃዎች ከሒሳቡ ወጥተዋል ማለት ነው። እውነተኛው ድምር እዚህ 68 በመቶ መሆን ነበረበት።

መፍትሔው ማጣሪያውን ትቶ ሠላሳዎቹን «ሌሎች» በሚል አንድ ስም መጠቅለል ነው። ገንዘባቸው ከድምሩ ሳይወጣ ስማቸው ብቻ ይለወጣል። ለዚህ ዕቃዎቹን በሌላ ገጽ፣ በአምድ A፣ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንጽፋቸዋለን። የዕለት ሽያጩ Sheet1 ላይ ከሆነ፣ የዕቃው ስም በ B፣ ብሩ በ C ተመዝግቦ ከሆነ፣ በአዲሱ ገጽ B2፣ C2 እና D2 ላይ በቅደም ተከተል የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦

```
=SUMIF(Sheet1!B:B,A2,Sheet1!C:C)
=RANK(B2,$B$2:$B$41)+COUNTIF($B$2:B2,B2)-1
=IF(C2<=10,A2,"ሌሎች")
```

የመጀመሪያው የእያንዳንዱን ዕቃ የዓመት ሽያጭ ይደምራል። ደረጃ የሚሰጠው ለዚህ ድምር ነው። አንዳንዱ ሰው ደረጃውን በቀጥታ ለዕለት ሽያጮቹ ይሰጥና አንድ ትልቅ ደረሰኝ የተቆረጠለትን ዕቃ ከአሥሩ ያስገባል፤ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚሸጠው ስኳር ደግሞ ወደ «ሌሎች» ይወድቃል። በሁለተኛው ቀመር ውስጥ ያለው COUNTIF የእኩልነትን ችግር ይፈታል። ሁለት ዕቃዎች እኩል ሸጠው አሥረኛ ላይ ቢገናኙ RANK ለሁለቱም 10 ስለሚሰጥ ዝርዝሩ አሥራ አንድ ይሆናል፤ ተጨማሪው ግን ከላይ የተጻፈውን አሥረኛ፣ የሚከተለውን አሥራ አንደኛ ያደርገዋል።

ሦስቱን ቀመሮች እስከ 41ኛው ረድፍ ስበን ካወረድን በኋላ ለዓምዶቹ ስም ሰጥተን ፒቮቱን ከዚህ ገጽ እንሠራለን፤ D በረድፍ፣ B በዋጋ ይገባሉ። አሁን ዘይት 17፣ ስኳር 10.2፣ «ሌሎች» 32 በመቶ ናቸው፤ አሥራ አንዱ መስመሮችም በትክክል 100 ይሞላሉ። ከትልቅ ወደ ትንሽ ከተደረደሩ ግን «ሌሎች» በ320,000 ብሩ ከዘይት በላይ ይወጣል። አንባቢ አንደኛ የሆነ ሸቀጥ እንዳይመስለው በመዳፊት ይዞ ወደ ታች ማውረድ ይሻላል። «አሳፋሪ ትልቅ ነው» ብሎ ማጣሪያ ተጠቅሞ የሚያወጣው ሰው ደግሞ ዘይትን ወደ 25 በመቶ ይመልሰዋል።

ወር በወር ለማየት የፈለገ D ላይ ያለውን ስም በ VLOOKUP ወደ ዕለት ሽያጩ ገጽ ወስዶ ፒቮቱን ከዚያ ይሠራል። ታዲያ መስከረምን ቢመርጥም የሚያያቸው የዓመቱ አሥር እንጂ የመስከረም አሥር አይደሉም። በእኔ እምነት ይህ ይሻላል፤ በየወሩ የሚለዋወጥ ዝርዝር ወርን ከወር ለማወዳደር አይመችም።

«ሌሎች» የሽያጭ ብርን በደንብ ይሸከማል፤ ሁሉንም ቁጥር ግን አይሸከምም። የትርፍ መቶኛን እንውሰድ። በቡድኑ ውስጥ ያለ አንድ ዕቃ 30,000 ብር ሸጦ 1,500፣ ሌላው 3,000 ሸጦ 900 ቢያተርፍ መቶኛዎቻቸው 5 እና 30 ናቸው። አማካያቸው 17.5 ይመጣል። የሁለቱ ትርፍ በአንድነት ግን ከ33,000 ብር 2,400 ስለሆነ እውነቱ 7.3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ መቶኛዎቹን ሳይሆን ትርፉንና ሽያጩን ለየብቻ ደምሮ ማካፈል ይገባል። የደንበኛ ቁጥር ደግሞ በመደመርም አይገኝም፦ ሻማም ክብሪትም የገዛ አንድ ደንበኛ በሁለቱም ዕቃዎች ዘንድ ስለሚቆጠር፣ ለ«ሌሎች» ደንበኞችን ከደረሰኙ እንደገና መቁጠር ግድ ይላል።