ሰዎች ይበልጥ የሚለያዩት በቁመት ነው በክብደት?

አምስት ጎልማሶች ቁመታቸው ተለካ፣ ተመዘኑም እንበል። ቁመታቸው 160፣ 165፣ 170፣ 175 እና 180 ሴንቲሜትር ሆነ። ክብደታቸው ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል 52፣ 58፣ 60፣ 66 እና 64 ኪሎ ነው። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይበልጥ የሚለያዩት በቁመታቸው ነው ወይስ በክብደታቸው?

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የመለያየትን መጠን የሚለኩበት የታወቀ ስሌት አላቸው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይባላል። ሰዎቹ ከአማካያቸው በምን ያህል እንደሚርቁ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ይነግረናል። በቁመቱ እንሞክረው። አማካዩ 170 ሴንቲሜትር ነው። አምስቱ ሰዎች ከአማካዩ የሚርቁት በ10፣ በ5፣ በ0፣ በ5 እና በ10 ነው። እያንዳንዱን ርቀት በራሱ አባዝተን ስንደምር 250 እናገኛለን። ድምሩን ከሰዎቹ ቁጥር አንድ ቀንሰን ለ4 እናካፍለዋለን፤ ጥቂት ሰዎችን ለክቶ ስለ ብዙዎች ለመናገር ሲታሰብ አንድ መቀነስ የተለመደ ነው። ውጤቱ 62.5 ነው፤ የዚህ ካሬ ሥር 7.91 ሴንቲሜትር ይሆናል። በክብደቱም እንዲሁ እናድርግ። አማካዩ 60 ኪሎ፣ ድምሩ 120፣ ለ4 ሲካፈል 30፣ የዚህ ካሬ ሥር ደግሞ 5.48 ኪሎ ነው።

አሁን 7.91 ከ5.48 ስለሚበልጥ «ይበልጥ የሚለያዩት በቁመት ነው» ለማለት እንቸኩል ይሆናል። ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ግን ቁመታቸውን በሜትር እንጻፈው። 7.91 የነበረው 0.0791 ይሆናል፤ አሁን ደግሞ ክብደቱ በለጠ። ክብደቱን ወደ ግራም ብንለውጠው ቁጥሩ ከ5,400 ያልፋል፤ ልዩነቱም የትየለሌ ይመስላል። ከሰዎቹ አንድም የረዘመ፣ አንድም የወፈረ የለም። የተለወጠው እኛ የመረጥነው መለኪያ ብቻ ነው። በመለኪያ ምርጫ የሚገለበጥ መልስ ስለ ሰዎቹ ምንም አልነገረንም ማለት ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔውን ያቀረበው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፒርሰን ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ለአማካዩ አካፍሎ በ100 የማባዛትን ሐሳብ አስተዋወቀ። ውጤቱን ኮኤፊሸንት ኦፍ ቬሪዬሽን ብሎ ጠራው፤ እኛ እዚህ የልዩነት ምጣኔ እንበለው። ፒርሰን በዚያ ዘመን ከወንዶችና ከሴቶች የትኛው ወገን እርስ በርሱ ይበልጥ ይለያያል በሚለው ክርክር ውስጥ ገብቶ ነበር። ወንዶች በአማካይ ስለሚገዝፉ በሴንቲሜትርና በኪሎ የሚታየው ልዩነታቸውም ሰፍቶ ሊታይ ይችላል። ፒርሰን የእያንዳንዱ ወገን ልዩነት በራሱ አማካይ እንዲመዘን አደረገ፤ ወንዶች በጠቅላላው ይበልጥ ይለያያሉ የሚለው አባባልም በማስረጃ እንደማይደገፍ ተከራከረ።

ወደ አምስቱ ሰዎቻችን እንመለስ። 7.91 ሴንቲሜትር ለ170 ሴንቲሜትር ሲካፈል መለኪያው ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል፤ የሚቀረው 4.65 በመቶ ነው። በሜትር ብንጀምርም፣ 0.0791 ለ1.70 ሲካፈል ያው 4.65 በመቶ ይመጣል። 5.48 ኪሎ ለ60 ኪሎ ሲካፈል ደግሞ 9.13 በመቶ ነው። አሁን መልስ አለን፤ ሰዎቹ በክብደት የሚለያዩት በቁመት ከሚለያዩት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። በምንም መለኪያ ብንጽፈው ይህ አይገለበጥም።

ለምን እጥፍ ሆነ? ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ በ19ኛው መቶ ዘመን የብዙ ሰዎችን ልኬት ሲያጠና፣ የጎልማሶች ክብደት ከቁመታቸው ካሬ ጋር አብሮ እንደሚያድግ አስተውሎ ነበር። ዛሬ ጤና ጣቢያ ውስጥ ክብደትን ለቁመት ካሬ በማካፈል የሚሠራው ስሌት ከዚህ የመጣ ነው። በዚህ ሕግ ከሄድን፣ ከሌላው በ1 በመቶ የሚረዝም ሰው በክብደት በ2 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ሁሉም እኩል ሥጋ ለባሽ ቢሆኑ እንኳ የክብደት ምጣኔ የቁመትን ምጣኔ እጥፍ ያህል መሆኑ አይቀርም። በእውነተኛው ዓለም ደግሞ ከዚህም ያልፋል። ጾታቸው አንድ የሆነ ጎልማሶች የቁመት ምጣኔ ብዙ ጊዜ 4 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ የክብደታቸው ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ነው። ከእጥፍ በላይ የሆነው ትርፍ ከምግብ፣ ከሥራ፣ ከዕድሜና ከሕመም የሚመጣው ልዩነት ነው። ቁመት በልጅነት ተወስኖ ይቆማል፤ ክብደት ግን ዕድሜ ልክ ይወጣል ይወርዳል።

ይህ ምጣኔ የመዝገብ ስሕተትንም ያጋልጣል። ከአምስቱ የአንዱን ቁመት መዝጋቢው 165 በማለት ፈንታ በሜትር 1.65 ብሎ ቢጽፈው፣ አማካዩ ወደ 137 ይወርዳል፤ ምጣኔውም ወደ 55 በመቶ ይዘላል። የጎልማሶች ቁመት እንዲህ ሊራራቅ ስለማይችል፣ ያን ቁጥር ያየ ሰው ወደ መዝገቡ ተመልሶ አንድ በአንድ ማየት አለበት። ሕፃናትና ጎልማሶች በአንድ ዝርዝር ሲቀላቀሉም ምጣኔው ያለ ልክ ያድጋል።

ምጣኔው የማይሠራባቸው ቦታዎችም አሉ። ቁመትና ክብደት ዜሮአቸው እውነተኛ ነው፤ ዜሮ ኪሎ ማለት ምንም ክብደት የለም ማለት ነው። የሙቀት መጠን ግን እንዲህ አይደለም። የአንድ ከተማ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 4 ቢሆን ምጣኔው 20 በመቶ ነው። ያንኑ አየር በፋራናይት ብንጽፈው አማካዩ 68፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 7.2 ይሆናል፤ ምጣኔው ግን ወደ 10.6 በመቶ ይወርዳል። የሴልሺየስም የፋራናይትም ዜሮ ሰው የመረጠው ነጥብ ስለሆነ ማካፈሉ ትርጉም ያጣል።

ሁለተኛው ወጥመድ አማካዩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው። ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ የጨመሩትንና የቀነሱትን ክብደት ብንመዘግብ፣ ጭማሪውና ቅናሹ ተጣፍቶ አማካዩ 0.1 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2 ኪሎ ቢሆን ምጣኔው 2,000 በመቶ ይመጣል። ይህ ቁጥር የሚያሳየው የአካፋዩን ትንሽነት እንጂ የሰዎቹን መለያየት አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ 2 ኪሎውን እንዳለ መናገር ይሻላል።

እንግዲህ በጤና ሪፖርትም ሆነ በትምህርት ቤት ጥናት ላይ የቁመትና የክብደት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ጎን ለጎን ተጽፎ ካገኛችሁ፣ ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ አታወዳድሩ። አማካዮቹን ፈልጉና እያንዳንዱን ለራሱ አማካይ አካፍሉ። አማካዩ ካልተጻፈ፣ የትኛው ይበልጥ ይለያያል ለሚለው ጥያቄ ያ ሠንጠረዥ መልስ አይሰጥም።