ሰንጠረዡ «አይቻልም» ሲል ምክንያቱንም ይናገራል

አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በ4 የሥራ ቀን ውስጥ 18 ሺህ ብር አትርፎ ዕዳውን መክፈል አለበት እንበል። ጠረጴዛና ቁም ሳጥን ይሠራል፤ እያንዳንዱ አንድ ቀን ይፈጃል። ከጠረጴዛ 2 ሺህ፣ ከቁም ሳጥን 3 ሺህ ብር ይገኛል። የጠረጴዛውን ብዛት x፣ የቁም ሳጥኑን y ብንለው ገደቦቹ እነዚህ ናቸው፦

```
x + y ≤ 4
2x + 3y ≥ 18
```

ሁለቱም ቁጥሮች ከዜሮ በታች አይወርዱም። በግራፍ ላይ የመጀመሪያው መስመር ሁለቱን ዘንጎች 4 ላይ ያቋርጣል፤ የሚፈቅደው ከሥሩ ያለውን ነው። ሁለተኛው x ዘንግን 9 ላይ፣ y ዘንግን 6 ላይ ያቋርጣል፤ የሚፈቅደው ግን ከላዩ ያለውን ነው። ሁለቱ ቦታዎች የትም አይገናኙም፤ ስለዚህ መፍትሔ የለም። ገደቦቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው ቢገናኝም ሁሉም በአንድ ላይ የሚስማሙበት ነጥብ ላይኖር ይችላል።

ተለዋዋጮቹ ከሁለት ሲበዙ ሥራው በ1947 ጆርጅ ዳንትዚግ ወዳቀረበው የሲምፕሌክስ ስልት ይሄዳል። እዚያ ለመጀመሪያው ገደብ ሳንሠራበት የሚያልፈውን ቀን s₁ እንለዋለን። ለሁለተኛው ከ18 ሺህ በላይ የተረፈውን s₂፣ የጎደለውን ደግሞ a እንላለን። ይህ a ሰው ሠራሽ ተለዋዋጭ ይባላል፤ ለስሌቱ መነሻ እንዲሆን ብቻ የገባ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሥራ እሱን ወደ ዜሮ ማውረድ ነው።

ስሌቱ ሲጀመር a = 18 − 2x − 3y + s₂ ነው። ጉድለቱን በፍጥነት የሚቀንሰው y ስለሆነ እሱን እናስገባለን። የመጀመሪያው ገደብ እስከ 4 ይፈቅድለታል፣ ሁለተኛው እስከ 6። ትንሹ 4 ስለሆነ s₁ ይወጣል። y = 4 − x − s₁ ብለን ስንተካ የሚከተለው ይገኛል፦

```
a = 6 + x + 3s₁ + s₂
```

በቀኝ በኩል ያለው ሁሉ የሚጨምር ነው፤ የሚቀንስ የለም። ስለዚህ a ከ6 በታች አይወርድም። መለያው ይህ ነው፦ ማሻሻያ ሲያልቅ ሰው ሠራሹ ተለዋዋጭ አሁንም ከዜሮ በላይ ከሆነ ችግሩ መፍትሔ የለውም። መሠረቱ ውስጥ በዜሮ ዋጋ ቢቀር ግን መፍትሔ አለ። በኮምፒውተር ሲሠራ ደግሞ እጅግ ጥቃቅን ቀሪ ቁጥር የማጠጋጋት ስህተት ሊሆን ስለሚችል እንደ ዜሮ ይታያል።

እኔን በጣም የሚማርከኝ ግን 6 እና 3 የሚሉት ቁጥሮች የሚነግሩን ነገር ነው። 6 የሚጎድለው ገንዘብ በሺህ ብር ነው። ከs₁ ጎን ያለው 3 ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቀን ጉድለቱን በ3 ሺህ እንደሚቀንስ ያሳያል። ሁለት ቀን ቢጨመር 6 ቁም ሳጥን ተሠርቶ 18 ሺህ ይሞላል። የመጀመሪያውን ገደብ በዚሁ 3 ብናበዛው 3x + 3y ≤ 12 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ 2x + 3y ከ12 እንዳያልፍ ያስገድዳል፣ ሁለተኛው ገደብ ግን 18 ይጠይቃል። ባለሥራው ለአበዳሪው ሊያሳየው የሚችል ሙሉ ማስረጃ ነው።

ወሰን የለሽነት ሌላ ነው። የዕዳውንም የቀኑንም ገደብ ትተን፣ ጠረጴዛ ከቁም ሳጥን ከ2 በላይ እንዳይበልጥ የሚለውን ብቻ እንያዝ፤ x − y ≤ 2 ይሆናል። ትርፉን z = 2x + 3y ለማብዛት ሰንጠረዡ እንዲህ ይጀምራል፦

```
 x − y + s = 2
z − 2x − 3y = 0
```

በz ረድፍ −3 ያለው y ይገባል። በዓምዱ ያለው ቁጥር ግን −1 ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚከፋፈል አዎንታዊ ቁጥር የለም፣ የሚያግደውም የለም። y አንድ በጨመረ ቁጥር s አንድ ይጨምራል፣ ትርፉም 3 ሺህ። በግራፉ ላይ የተፈቀደው ቦታ ወደ ላይ ክፍት ነው፤ የትርፉን መስመር ምን ያህል ብንገፋው ከቦታው አይወጣም። ማንም አናጺ ማለቂያ የሌለው ቁም ሳጥን ስለማይሠራ፣ ይህ ውጤት ሲታይ አንድ ገደብ ተረስቷል ወይም ምልክቱ ተገልብጦ ተጽፏል ብሎ መፈተሽ ይገባል። እዚህ የተረሳው የቀኑ ገደብ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ክፍት ቦታ ሲያይ ወዲያው ወሰን የለሽ ነው ሲል ነው። ቁም ሳጥኑ 3 ሺህ ብር የሚያከስር ቢሆን ትርፉ z = 2x − 3y ይሆን ነበር። ያኔ x ገብቶ የመጨረሻው ረድፍ z + y + 2s = 4 ይሆናል። የy ዓምድ አሁንም −1 ነው፣ ቦታውም ያው ክፍት ነው። በz ረድፍ ያለው የy ቁጥር ግን አዎንታዊ ስለሆነ y ቢገባ ትርፉን ይቀንሳል። መልሱ 2 ጠረጴዛ፣ ምንም ቁም ሳጥን፣ 4 ሺህ ብር ትርፍ ነው።