ወረንጦ ለእሾህ፣ መቀስ ለአፍንጫ

ቀይ መብራት የያዘው የታክሲ ሾፌር መስታወቱን ወደ ራሱ ያዞራል። አገጩን ቀና አድርጎ አፍንጫውን ሲያይ በቀኙ ቀዳዳ አንዲት ጠንካራ ፀጉር ጫፏን አውጥታለች። በሁለት ጥፍሮቹ መሀል ይይዛትና ይነቅላታል። ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ሁለት ጊዜ ያስነጥሳል፣ አረንጓዴው ይበራና ይሄዳል። ነገሩ በዚያው ያለቀ ይመስላል።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ የአፍንጫው ጫፍ ያመዋል። ሲነካው ይጠዘጥዘዋል፤ በመስታወት ሲያየው በአንድ በኩል ቀላ ብሎ አበጥ ብሏል። ውስጡ ብጉንጅ መውጣት ጀምሯል። ይህ የገጠመው ሰው በየመንደሩ አለ። ብዙዎቹ ግን ብጉንጁን ከብርድ ወይም ከአቧራ እንጂ ከሦስት ቀን በፊት ከነቀሏት ፀጉር ጋር አያገናኙትም።

ግንኙነቱን ለማየት የአፍንጫን ደጃፍ ማወቅ ይበቃል። ጠንካራው ፀጉር የሚበቅለው በመግቢያው ላይ፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም በማይርቅ ጥልቀት ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ሽፋን እንደ ፊት ቆዳ ያለ፣ የፀጉር ሥርና የቅባት ዕጢ ያለው ቆዳ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲገባ እርጥቡ ሥጋ ይጀምራል፤ እዚያ የሚንቀሳቀሱት ጥቃቅን ጭራዎች በዓይን አይታዩም፣ መቀስም አይደርስባቸውም። በዚህ ደጃፍ ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል። ከአምስት ጤነኛ ሰዎች ቢያንስ በአንዱ አፍንጫ ውስጥ በቋሚነት የሚገኝ ሲሆን፣ ቆዳው እስካልተቀደደ ድረስ ጉዳት ሳያደርስ ይቀመጣል። ፀጉር ከነሥሩ ሲነቀል ግን ትንሽ ጉድጓድ ክፍት ይቀራል፤ ባክቴሪያው በር ላይ ነውና ይገባል። ቁስሉን የነካው ጣት ደግሞ ከውጭ ሌላ ቆሻሻ ይጨምርበታል።

ብጉንጁ ሲወጣ የሚፈተነው ትዕግሥት ነው። በጣት ማፍረጥ አይገባም። ከአፍንጫና ከላይኛው ከንፈር አካባቢ ደም የሚመልሱት ሥሮች ከዓይን ጀርባ አልፈው በራስ ቅል ውስጥ ካሉት የደም ሥሮች ጋር ስለሚገናኙ፣ ኢንፌክሽን በዚያ መንገድ ወደ አንጎል አካባቢ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር እምብዛም አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ሕይወት የሚያሰጋ ነው። ሾፌሩ ማድረግ ያለበት ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ጨምቆ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያህል አፍንጫው ላይ ማስቀመጥና ጣቱን ማራቅ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ካልተሻለው ወይም እየባሰ ከሄደ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። መቅላቱ ወደ ጉንጭ ወይም ወደ ከንፈር ከተስፋፋ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከጀመረ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን ማደር የለበትም፤ ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለበት። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ገና ከመጀመሪያው ሕመም ሐኪም ቢያይ ይሻለዋል።

መንቀል ከቀረ መቁረጥ ይቀራል። ይሁንና የሚቆረጠው ምን ያህል ነው? መልሱ ከቀዳዳው አፍ ውጭ የሚታየው ብቻ ነው። ወደ ውስጥ ያለው ሥራ ላይ ነው፤ ትልልቁን አቧራና የአበባ ብናኝ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የቱርክ ሐኪሞች ያወጡት ጥናት በወቅት እየጠበቀ የሚነሳ የአፍንጫ አለርጂ ያለባቸውን 233 ሰዎች ተመልክቶ ነበር። የአፍንጫ ፀጉራቸው ሳሳ ባለው ዘንድ አስም በብዛት ተገኝቷል። ጥናቱ ፀጉር መቁረጥ አስም ያመጣል አላለም፤ ተፈጥሯቸውን ነው ያየው። ቢሆንም የአፍንጫን ቀዳዳ አጽድቶ ባዶ ማድረግን እንደ ንጽሕና ለሚቆጥር ሰው ቆም ብሎ ለማሰብ በቂ ምክንያት ነው። በተለይ አቧራማ መንገድ ላይ፣ በዱቄት ወፍጮ ወይም በሲሚንቶ ሥራ የሚውል ሰው ያንን ፀጉር ይፈልገዋል።

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጫፉ የሾለ ሳይሆን ክብ የሆነ ትንሽ መቀስ ነው፤ የሕፃን ጥፍር ለመቁረጥ የሚሸጠውም ጫፉ ክብ ከሆነ ያገለግላል። ሌላው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው፣ እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለው የአፍንጫ ፀጉር መቁረጫ ነው። የዚህኛው ምላጭ በውስጥ ይሽከረከራል፤ ከላይ ሽንቁር ያለው ክዳን አለው። ፀጉሩ በሽንቁሩ ገብቶ ይቆረጣል፣ ቆዳው ግን ክዳኑ ላይ ይቀራል። ለእጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ ለደከመ ሰው ከመቀስ ይልቅ ይህ ይመረጣል። የራስ ፀጉር የሚላጭበት ቶንዶስ ጥርሱ ክፍት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አሠራሩ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከታጠቡ በኋላ፣ አፍንጫን ቀስ ብሎ ተናፍጦ፣ በመስኮት በኩል የቀን ብርሃን ባለበት መስታወት ፊት መቆም ነው። አንገትን ጥቂት ወደ ኋላ ቀና አድርጎ የአፍንጫን ጫፍ በአንድ ጣት ወደ ላይ ሲገፉት የቀዳዳው አፍ ይከፈታል። መቀስ ከሆነ የተቆረጠው እንዳይሳብ ትንፋሽን ለአፍታ ይዞ፣ መቀሱን ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርጎ፣ የወጣውን ጫፍ ብቻ መቁረጥ ነው። ወደ መሀለኛው ግድግዳ ማዞር አይገባም፤ ነስር የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ያስብበት፤ ለሌላው ሰው ቶሎ የሚቆም ጭረት እሱን ግማሽ ሰዓት ሊያደማው ይችላል።

የባትሪው መሣሪያ የራሱ ልማድ አለው። ወደ አፍንጫ ከመግባቱ በፊት ውጭ ላይ መነሳት አለበት፤ ውስጥ ገብቶ ከተነሳ ፀጉሩን ጠምዝዞ ይጎትታል። ሳይጫኑ፣ በአፉ ዙሪያ ብቻ በትንንሽ ክብ እያዞሩ ያስኬዱታል። ድምፁ ዝግ ማለት ከጀመረና ፀጉር መቆንጠጥ ካመጣ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው፤ እያቃጠለ ከመቀጠል ድንጋዩን መቀየር ነው። ሲያበቃ ክዳኑ ተከፍቶ በብሩሽ ይጠረጋል። መታጠብ የሚችል ዓይነት ከሆነ ብቻ በውኃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በ70 በመቶ አልኮል ይወለወላል።

ይህ ዕቃ የአንድ ሰው ብቻ ነው። በብዙ ፀጉር ቤቶች ራስ ከተላጨ በኋላ ለደንበኛው እንደ ምርቃት የአፍንጫና የጆሮ ፀጉር ይነካካል፤ ያው መቀስም ወደ ቀጣዩ ሰው ያልፋል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ሰባት ቀን መቆየት ይችላል፤ ለዓይን የማትታይ ጠብታም ትበቃዋለች። በሽታው በአገራችን በሰፊው የሚገኝ ስለሆነ ደንበኛ የራሱን መቀስ ይዞ ቢሄድ ማንም ሊቀየመው አይገባም።

በቱርክ ፀጉር ቤቶችና ቱርኮች በአውሮፓ ከተሞች በከፈቷቸው ቤቶች ሌላ ዘዴ አለ። ባለሙያው አልኮል የነካ ጥጥ በዘንግ ላይ አቀጣጥሎ ጆሮውን በእሳቱ ፈጠን ፈጠን እያለ ይመታል፤ ለስላሳው ፀጉር ተለብልቦ ይጠፋል። ለዓመታት የተለማመደ እጅ የሚሠራውን ቤት ውስጥ መሞከር ጆሮንና የራስ ፀጉርን ማቃጠል ነው። ሰም በእንጨት ላይ አድርጎ አፍንጫ ውስጥ ከትቶ መሳብም አለ፤ የሾፌሩን አንድ ጉድጓድ በአንዴ ብዙ ያደርገዋል። ፀጉር የሚያረግፍ ቅባትም እርጥቡን ሥጋ ስለሚያቃጥል ለአፍንጫ አይሆንም።

ጆሮ ሌላ ጠባይ አለው። ወጣት ወንድ ጆሮው ላይ የሚቆረጥ ነገር እምብዛም የለውም። ከአርባ ዓመት ወዲያ በወንዴ ሆርሞን የተነሳ ለስላሳው ፀጉር ወደ ጠንካራ ይለወጥና በጆሮ ጠርዝና በቀዳዳው ፊት ባለችው ትንሽ ጉብታ ላይ ይወጣል። ሕንዳዊው አንቶኒ ቪክቶር 18.1 ሳንቲ ሜትር በደረሰ የጆሮ ፀጉሩ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ለቆረጣው ዋናው ነገር ራስን ወደዚያው ጆሮ ወገን ዘንበል ማድረግ ነው፤ ቁራጩ ወደ ውጭ ይወድቃል። ቀና ተብሎ ከተቆረጠ ወደ ቀዳዳው ይገባል። አንዲት ቁራጭ ታምቡሩን ከነካች ሰውዬው ባኘከና አንገቱን ባዞረ ቁጥር ጆሮው ውስጥ ነገር ሲቧጥጥ ይሰማዋል። ያን ጊዜ በክብሪት እንጨት ከመፈለግ ይልቅ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ እሱ እያየ ያወጣዋል። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ፀጉር ኩኩን ወደ ውጭ በሚገፋው አካል ላይ ስለሆነ አይነካም፤ ኩክ አስይዞ ጆሮ ከደፈነ ወይም የመስሚያ መሣሪያ በትክክል አልገባም ካለ ሐኪሙ ያሳጥረዋል።

ስንት ጊዜ? ለአፍንጫ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ፣ ለጆሮ በወር አንዴ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ቀን ከመቁጠር ግን በብርሃን ማየት ይሻላል፤ የወጣ ከሌለ የሚቆረጥም የለም። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው የቆሰለ ወይም ጆሮው የሚመግል ሰው እስኪድን ይተወው።

በገጠር እናቶች ከማተባቸው ጋር የሚያስሩት ወረንጦ የሕፃን እግር ላይ የገባ እሾህ ለማውጣት እስካሁን የሚስተካከለው የለም። ሾፌሩም ብጉንጁ ከዳነለት በኋላ ከመኪናው ሳጥን ውስጥ ጥፍር መቁረጫውን አውጥቶ በምትኩ ክብ ጫፍ መቀስ አስቀምጧል፤ የሚጠቀምበት ግን ቀይ መብራት ላይ ሳይሆን እሑድ ጠዋት፣ ቤቱ፣ መስኮቱ አጠገብ ነው።